ከግልበጣ በፊት የብራና ገጽ ፎቶግራፍን ማረም፦ መጋደል፣ ጥላና ያልተመጣጠነ ብርሃን

በግዕዝ ጽሕፈት «ቤቱ» እና «ቤተ» የሚለዩት በአንዲት አጭር ጭረት ነው። ጭረቷ በተ ቀኝ ጎን ከታየች ቃሉ «የእርሱ ቤት» ማለት ይሆናል፤ ካልታየች ግን ገልባጩ ቀጣይ ስም የሚጠብቅ ተናባቢ ቃል ያነባል። «ንጉሡ» እና «ንጉሠ»ም የሚለያዩት በዚሁ መንገድ ነው። በእጅ ስልክ በተነሣ የብራና ገጽ ላይ እንዲህ ያለችው ጭረት ውፍረቷ ብዙ ጊዜ ከሦስት ወይም ከአራት ፒክሰል አይበልጥም። የአንሺው ክንድ ጥላ ካረፈባት፣ ወይም ጥላውን ለማጥፋት የተሠራው እርማት ከልክ ካለፈ፣ አንባቢው ስሕተት መፈጸሙን የሚያውቅበት ምልክት አይኖርም፤ ሁለቱም ንባቦች በየራሳቸው ትርጉም ይሰጣሉና።

ይህ ጽሑፍ ፎቶግራፉ ከተነሣ በኋላና ግልበጣው ከመጀመሩ በፊት የሚደረጉትን ሁለት እርማቶች ይመለከታል። የመጀመሪያው የገጹን መጋደል ማቅናት፣ ሁለተኛው ብርሃኑን ማመጣጠን ነው። የክርክሩ ማዕከል በሁለተኛው ላይ ነው፤ ምክንያቱም የተጋደለ ገጽ ቢያስቸግርም ይነበባል፣ በተሳሳተ መንገድ የተመጣጠነ ብርሃን ግን ፊደል ይሰርዛል።

ለማብራሪያ አንድ ገጽ እንውሰድ። ብራናው 18 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 24 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው፤ በሁለት ዐምድ ተጽፏል። ፊደሎቹ ወደ 5 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ቁመት አላቸው፤ ወፍራሙ ጭረት 1 ሚሊ ሜትር፣ የካዕብና የሣልስ ቅጥያ በቀጭኑ በኩል 0.3 ሚሊ ሜትር ነው። ስልኩ በእጅ ተይዟል፤ ብርሃኑ በግራ በኩል ካለ መስኮት ይገባል፤ የአንሺው ክንድና የስልኩ ጥላ በቀኙ ዐምድ የታችኛው ክፍል ላይ ወድቋል። ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት የተመረጡ ናቸው፤ በመካከለኛ መጠን የብራና መጻሕፍት ላይ ከሚያጋጥመው ግን የራቁ አይደሉም።

መጋደልን ማቅናት

ፎቶግራፉ 3000 በ4000 ፒክሰል ነው። በምስሉ ላይ የገጹ የላይኛው ጠርዝ 2000 ፒክሰል፣ የታችኛው ጠርዝ 2400 ፒክሰል ርዝመት ይዞ ተገኝቷል። በተለመደው የስልክ ሌንስ ይህ ልዩነት ስልኩ ከገጹ ጋር ትይዩ ከመሆን በ11 ዲግሪ ገደማ መዝመሙን ያሳያል። ለዓይን ትንሽ የሚመስል መዛነፍ ነው። ሆኖም በላይኛው ጠርዝ ያሉ ፊደሎች በታችኛው ጠርዝ ካሉት ይልቅ በስፋት 1.2 እጥፍ ያንሳሉ፤ በቁመት ደግሞ ልዩነቱ የዚሁ ቁጥር ካሬ፣ ማለትም 1.44 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የላይኞቹ መስመሮች ማነስ ብቻ ሳይሆን መጨፍለቅም ይታይባቸዋል። የአንድን ጸሐፊ እጅ ከሌላው ለመለየት የፊደል ስፋትና ቁመት ምጥጥን የሚለካ አጥኚ ሳይታረም በቀረ ምስል ላይ ቢሠራ፣ በአንድ ገጽ ውስጥ ሁለት ጸሐፊዎችን «ሊያገኝ» ይችላል።

የዚህ ዓይነቱን መዛነፍ ማዞር ብቻ አያቃናውም። ማዞር መስመሩ ወደ ጎን ሲያዘነብል ይረዳል፤ ስልኩ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሲጋደል ግን አራት ማዕዘኑ ራሱ ቅርጹን ይለውጣል። መፍትሔው በምስሉ ላይ አራት ነጥቦችን መርጦ እያንዳንዳቸው በእውነተኛው ገጽ ላይ የት እንደሚውሉ ለኮምፒዩተሩ መንገር ነው። አራቱ ጥንድ ነጥቦች ስምንት እኩልታዎችን ይሰጣሉ፤ የሚፈለጉትም ያልታወቁ መጠኖች ስምንት ናቸው። በኦፕን ሲቪ ቤተ መጻሕፍት ሥራው እንዲህ ይጻፋል፦

```python
import cv2
import numpy as np

img = cv2.imread("page.jpg")
src = np.float32([[498, 610], [2498, 600], [2702, 3460], [302, 3474]])
dst = np.float32([[0, 0], [2399, 0], [2399, 3199], [0, 3199]])
H = cv2.getPerspectiveTransform(src, dst)
page = cv2.warpPerspective(img, H, (2400, 3200), flags=cv2.INTER_CUBIC)
```

ነጥቦቹ ከላይ ግራ ጀምረው በሰዓት አቅጣጫ ተዘርዝረዋል፤ በሁለቱም ዝርዝር ቅደም ተከተላቸው አንድ መሆን አለበት። የውጤቱ መጠን 2400 በ3200 የሆነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ምጥጥኑ 3 ለ4 ከገጹ የ18 ለ24 ልኬት ጋር አንድ ነው። ይህን ልኬት ከፎቶግራፉ መገመት አያስተማምንም፤ ብራናው ፊት ሳለ በማስመሪያ መለካት አለበት። ሁለተኛ፣ 2400 የሰፊው ጠርዝ ስፋት ነው፤ በጠባቡ ጠርዝ ልክ 2000 ቢመረጥ ኖሮ ከታችኛው ክፍል ዝርዝር ያለ ምክንያት ይጣል ነበር። በዚህ መጠን 1 ሴንቲ ሜትር 133 ፒክሰል ይይዛል፤ ፊደሉ 67 ፒክሰል ያህል ቁመት፣ ወፍራሙ ጭረት 13 ፒክሰል፣ ቀጭኑ ቅጥያ 4 ፒክሰል ይሆናል ማለት ነው። የላይኛው ክፍል ሲሰፋ የተጨመሩት ፒክሰሎች በግምት የተሞሉ መሆናቸው ግን መዘንጋት የለበትም፤ ካሜራው ያላየውን ስሌቱ አያመጣም።

ብራና አልፎ አልፎ ብቻ ነው ቀጥ ያለ ጠርዝ የሚኖረው። ቆዳው በእንስሳው አንገት ወይም እግር በኩል ይጎብጣል፤ ማዕዘኑ ይበላል። ስለዚህ የገጹን ጥግ እንደ ነጥብ መውሰድ ለወረቀት ደብተር የሚሠራውን ያህል ለብራና አይሠራም። የተሻለው ምርጫ ጸሐፊው ራሱ በወስፌ ያሰመረው የጽሑፍ ክልል ነው። የዐምዶቹን ዳር የሚወስኑት ቁም መስመሮች ከላይኛውና ከታችኛው አግድም መስመር ጋር የሚገናኙባቸው አራት ቦታዎች ሆን ተብለው በልኬት የተሠሩ ናቸው፤ የሚለካውም ርቀት በእነርሱ መካከል ያለው ይሆናል። በዚህ ጊዜ `dst` ከገጹ ጥግ ሳይሆን ከኅዳጉ ርቀት ይጀምራል።

እርማቱ መሥራቱን ለማረጋገጥ የመስመሮችን ርቀት መለካት ይበቃል። በምሳሌው ገጽ የመስመር ርቀት 7.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ባልታረመው ምስል ከላይ 75፣ ከታች 105 ፒክሰል ገደማ ይነበባል፤ ከታረመ በኋላ በየትም ቦታ ወደ 100 መጠጋት አለበት። ከላይና ከታች እኩል ሆኖ መሐሉ ላይ ከተለየ፣ ወይም መስመሮቹ በውጭው ዐምድ ቀጥ ብለው ወደ ጥራዙ መጋጠሚያ ሲጠጉ ከታጠፉ፣ ችግሩ መጋደል ሳይሆን የገጹ መጉበጥ ነው። የአራት ነጥብ ስሌት ገጹን እንደ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ስለሚቆጥር ጉብጠትን አያቃናም። ለንባብ ሲባል ሁለቱን ዐምዶች ለየብቻ፣ እያንዳንዱን በራሱ አራት ነጥብ ማቅናት አብዛኛውን ጉዳት ይቀንሳል፤ ለልኬት ግን መጋጠሚያው አጠገብ ያለውን ክፍል መተው ይሻላል።

ማቅናቱ ከብርሃን እርማት መቅደም ያለበት ለቀላል ምክንያት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ «ከጭረት የሚሰፋ» መስኮት ይጠይቃል፤ ጭረቱ በገጹ ላይና ታች የተለያየ የፒክሰል ስፋት ካለው አንድ መስኮት ለሁሉም አይሆንም። ማዞር፣ መቁረጥና ማቅናትም በአንድ ጊዜ መሠራት አለባቸው። ምስሉ በተደጋገመ ቁጥር እንደ አዲስ ሲሰላ አራት ፒክሰል ያላት ቅጥያ በየጊዜው ትደበዝዛለች። ውጤቱም መረጃ በማይጥል ዓይነት ፋይል፣ በፒኤንጂ ወይም በቲፍ፣ ይቀመጣል።

ብርሃን የሚባዛ እንጂ የሚደመር አይደለም

ጥላን ለማስወገድ ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያደርገው በስልኩ የምስል ማስተካከያ ብርሃኑን ከፍ ማድረግ ነው። ይህ በየፒክሰሉ ላይ አንድ መጠን መጨመር ወይም የጨለማውን ክፍል በግምት ማንሣት ነው። ለምን እንደማይበቃ የሚታየው ምስሉ እንዴት እንደተፈጠረ ሲጤን ነው። ወደ ካሜራው የሚደርሰው ብርሃን በቦታው ላይ የወደቀው ብርሃንና ቦታው የሚያንጸባርቀው ድርሻ ብዜት ነው። ብራናው ከወደቀበት ብዙውን ይመልሳል፤ ቀለሙ ጥቂቱን። ጥላ የሚቀንሰው የወደቀውን ብርሃን ነው፤ የሚንጸባረቀውን ድርሻ አይነካም።

በምሳሌው ገጽ በብርሃኑ ክፍል ብራናው 200፣ ጥቁሩ ቀለም 50 ዋጋ አለው እንበል። ሁለቱ በ150 ይለያያሉ፤ የቀለሙ ድርሻ ከብራናው ሩብ ነው። ዋጋዎቹ ወደ ሩብ በወረዱበት ጥላ ውስጥ ብራናው 50፣ ቀለሙ 12 ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ ወደ 38 ወርዷል፤ ድርሻው ግን አሁንም ሩብ ነው። ሌላም ነገር ይታያል፦ በጥላው ውስጥ ያለው ባዶ ብራና በብርሃኑ ውስጥ ካለው ቀለም ጋር እኩል 50 ነው። ስለዚህ «ከዚህ በታች ቀለም፣ ከዚህ በላይ ብራና» የሚል አንድ ወሰን ለገጹ በሙሉ ሊኖር አይችልም። በ1979 እ.ኤ.አ. የቀረበው የኦትሱ ዘዴ ተገቢውን ወሰን በራሱ ይፈልጋል፤ ነገር ግን የሚፈልገው ለገጹ ሁሉ አንድ ወሰን ስለሆነ እንዲህ ባለ ገጽ ላይ ይወድቃል፤ የጥላውን ክፍል አጥቁሮ ይመልሰዋል።

ከዚህ የሚከተለው መፍትሔ መደመር ሳይሆን ማካፈል ነው። በየቦታው ባዶው ብራና ምን ያህል ይበራ እንደነበር ከታወቀ፣ እያንዳንዱ ፒክሰል ለዚያ ዋጋ ይካፈላል፤ ጥላውም በላይና በታች ስላለ ይሰረዛል። በ230 ቢባዛ በብርሃኑም በጥላውም ብራናው 230፣ ቀለሙ 57 አካባቢ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በስልክ ፋይል ውስጥ ያለው ቁጥር ከብርሃኑ መጠን ጋር በቀጥታ የሚመጣጠን አይደለም፤ ለዓይን እንዲስማማ በኃይል ስሌት ተጨምቋል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ጉዳቱ ግን ትንሽ ነው። ብዜት በኃይል ሲነሣ ብዜትነቱን አይለቅም፤ ስለዚህ ጥላው አሁንም በማካፈል ይወጣል፤ የሚለወጠው የቀለሙ ድርሻ ቁጥር ነው። እውነተኛው አደጋ ሌላ ነው። አብዛኞቹ ስልኮች በኤችዲአር ስልት ጨለማውን ክፍል ለብቻው አንሥተው ብሩሁን ለብቻው ይጫኑታል። ይህ ሲሆን ብራናውና ቀለሙ በየቦታው በተለያየ ሕግ ስለሚለወጡ ማካፈሉ የተመሠረተበት ግንኙነት ይፈርሳል። ስለዚህ በማንሣት ጊዜ ይህን ስልት መዝጋት ከኋላ ከሚደረግ ከየትኛውም እርማት የበለጠ ይጠቅማል።

ዳራውን መገመት

ማካፈያው፣ ማለትም የባዶው ብራና ብርሃን፣ ከዚያው ከምስሉ መውጣት አለበት፤ በፊደሎቹ ሥር ያለው ብራና ግን አይታይም። ስለዚህ ፊደሎቹ ተነሥተው ቦታቸው በአካባቢያቸው ብራና ይሞላል። ሥራው ሁለት ደረጃ አለው፦

```python
k = cv2.getStructuringElement(cv2.MORPH_ELLIPSE, (41, 41))
bg = cv2.morphologyEx(page, cv2.MORPH_CLOSE, k)
bg = cv2.medianBlur(bg, 61)
flat = cv2.divide(page, bg, scale=230)
cv2.imwrite("bg.png", bg)
cv2.imwrite("flat.png", flat)
```

የመጀመሪያው እርምጃ በየመስኮቱ ውስጥ ያለውን ብሩህ ዋጋ ወስዶ በፊደሎቹ ላይ ያሰፋዋል፤ ከዚያም ብራናውን ወደ ቀድሞ ድንበሩ ይመልሳል። ከመስኮቱ የጠበበ ጥቁር ነገር ሁሉ ይጠፋል። ሁለተኛው እርምጃ የቀሩትን ነጠብጣቦች በመካከለኛ ዋጋ ያለሰልሳል። መስኮቱ 41 ፒክሰል፣ ማለትም 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ከ13 ፒክሰሉ ወፍራም ጭረት በበቂ ሁኔታ እንዲሰፋ ነው፤ ጭረቶች የሚደራረቡበት ቦታም ይኖራልና።

በብዙ ትምህርታዊ ጽሑፎች በዚህ ቦታ ተራ ማደብዘዣ ይመከራል። ለእጅ ስልክ ጥላ ግን የማይመች ምክር ነው። ስልኩ ከገጹ ቅርብ ስለሚያዝ የጥላው ዳር ሹል ነው፤ ማደብዘዣው ይህን ዳር ያሰፋዋል። ሲካፈል በጥላው ወገን ጥቁር መቀነት፣ በብርሃኑ ወገን ደግሞ ፊደል የሚያሳሳ ነጭ መቀነት ይወጣል። ከላይ የተመለከቱት ሁለት እርምጃዎች ትልቅ የጥላ ዳርን በቦታው ስለሚተዉ ይህ ጉድለት በእጅጉ ይቀንሳል።

የመስኮቱ መጠን ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ውጤቱን ሳይሆን `bg.png` የተባለውን ምስል በማየት ነው። ጥሩ የዳራ ምስል ፊደል የሌለበት፣ ጥላው ብቻ የቀረበት ባዶ ብራና ይመስላል። በውስጡ የፊደል ጥላሸት ከታየ መስኮቱ ጠቧል፤ በዚያ ቦታ ፊደሉ ለራሱ ስለሚካፈል በውጤቱ ይነጣል። በተቃራኒው ዳራው ንጹሕ ሆኖ በውጤቱ ላይ የጣት ወይም የስልክ ማንጠልጠያ ገመድ ጥላ ከቀረ፣ ያ ጥላ ከመስኮቱ ስለጠበበ እንደ ቀለም ተቆጥሯል ማለት ነው። ሁለቱን በአንድ መስኮት ማስታረቅ የማይቻልበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ለጠባቡ ጥላ ብቻ ትንሽ መስኮት ያለው ሁለተኛ ምስል ተሠርቶ እንደ ረዳት ይነበባል።

በገጹ ራስ ላይ ሐረግ ወይም ሥዕል ካለ ነገሩ ይለወጣል። በቀለም የተሞላ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦታ ከማንኛውም ተስማሚ መስኮት ስለሚበልጥ ስሌቱ እንደ ብራና ይቆጥረዋል፤ የሐረጉ መሐል ወደ ነጭ ይቀየራል፣ ዳሩ ብቻ ይቀራል። ይህ የማስተካከያ ስሕተት ሳይሆን የዘዴው ወሰን ነው፤ ሐረጉ ከስሌቱ ውጭ ተከልሎ ከመጀመሪያው ምስል መመለስ አለበት።

ትእዛዙ ሦስቱን የቀለም ክፍሎች ለየብቻ ማካፈሉ ሆን ተብሎ ነው። በመስኮት ብርሃን የተነሣ ገጽ ላይ ጥላው ብርሃን ብቻ አይቀንስም፤ ወደ ሰማያዊም ያደላል፤ ፀሐይ ስትከለል የሚቀረው የሰማይ ብርሃን ነውና። እያንዳንዱ ክፍል በራሱ ዳራ ሲካፈል ይህ ማድላትም አብሮ ይወጣል። የብራናው ቢጫነትም አብሮ እንደሚወጣ ግን መታወቅ አለበት፤ የታረመው ምስል ስለ ብራናው መልክ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ማካፈል ጩኸትንም ያባዛል። በእያንዳንዱ ፒክሰል ላይ ሦስት አሃድ ያህል መዋዠቅ ቢኖር፣ ብራናው 200 በሆነበት ቦታ ከእርማቱ በኋላ 3.5 ብቻ ይሆናል፤ 50 በሆነበት ወደ 14 ይደርሳል። ጥቁር ቀለም ይህን ይቋቋማል። የደበዘዘ፣ ከብራናው 70 በመቶ ብርሃን የሚመልስ ቅጥያ ግን ዳራው ወደ 20 በወረደበት ጥላ ከብራናው የሚለየው በ6 አሃድ ብቻ ነው፤ መዋዠቁም 3 ነው። በዚህ ቦታ ከእርማቱ በኋላ የምትታየው ጭረት እውነተኛ ትሁን የጩኸት ውጤት ትሁን መለየት አይቻልም። ከዚህ በመነሣት ዳራው ከ40 በታች የወረደበትን ማንኛውንም ክፍል ማረም ሳይሆን እንደገና ማንሣት ይመረጣል። በሰም ወይም በእጅ ወዝ በተለሰለሰ ብራና ላይ የሚታየው ነጸብራቅም እንዲሁ ነው። ዋጋው 255 ላይ የተዘጋ ፒክሰል ከሥሩ የነበረውን ፊደል አልመዘገበምና በምንም ቢካፈል አይመልሰውም።

ቀዩ ቀለም

በግዕዝ መጻሕፍት ቀይ ቀለም ለመክፈቻ መስመሮች፣ ለቅዱሳን ስሞችና ለቁጥር ምልክቶች ያገለግላል። ከእርማቱ በኋላ ምስሉ ወደ ግራጫ ሲለወጥ በቀላሉ የሚጎዳው ይኸው ነው። ቀይ ቀለም ቀይ ብርሃንን ልክ እንደ ብራናው ይመልሳል። የደበዘዘ ቀይ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ክፍሎች 190፣ 120 እና 90 ዋጋ ቢኖረው፣ ብራናው ደግሞ 200፣ 190 እና 160 ቢሆን፣ ቀለሙ በቀዩ ክፍል ከብራናው 95 በመቶ ነው፤ ማለትም የለም። በተለመደው የግራጫ ስሌት 73 በመቶ፣ በአረንጓዴው ክፍል ብቻ ሲታይ ግን 63 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ ለቀይ መስመሮች ግራጫውን ትቶ `flat[:, :, 1]` የሚለውን አረንጓዴ ክፍል ማንበብ ግልጽ ጥቅም አለው። የቀዩ ክፍልም ከንቱ አይደለም፤ ቡናማ የውኃ ዕድፍ በእርሱ ላይ ስለሚሳሳ በዕድፍ ሥር ያለ ጥቁር ፊደል የሚነበበው በዚያ ነው።

ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ

ገልባጩ ሰው ከሆነ ይህ ደረጃ አያስፈልግም፤ ብርሃኑ የተመጣጠነው ግራጫ ምስል ይበቃዋል። ምስሉ ለፊደል መለያ ሶፍትዌር የሚቀርብ ከሆነና ሶፍትዌሩ ጥቁርና ነጭ የሚጠይቅ ከሆነ ወሰኑ በየአካባቢው የሚሰላበት ዘዴ ይመረጣል። ከእነዚህ ታዋቂው በ2000 እ.ኤ.አ. ሳውቮላና ፒየቲካይነን ያቀረቡት ነው። በየመስኮቱ ያለውን አማካይና የመበታተን መጠን ወስዶ ወሰኑን ከአማካዩ ዝቅ ያደርጋል፤ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል የሚወስነው `k` የተባለው ቁጥር ነው። በመጀመሪያው ጽሑፍ 0.5 የነበረው ይህ ቁጥር ለደበዘዘ የብራና ቀለም ከፍ ይላል፤ ቀጫጭን ቅጥያዎችን ይቆርጣል። ወደ 0.2 ዝቅ ማድረግ ቅጥያዎቹን ያድናል፤ በምትኩ የብራናውን ጠጉር ሥር ነጥቦች ወደ ገጹ ያስገባል።

ነጥቦቹን ለማጥፋት የሚመጣው ፈተና ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ከተወሰነ ስፋት በታች የሆነን ጥቁር ነጥብ ሁሉ እንዲያስወግዱ ተደርገው ተዘጋጅተዋል። በምሳሌው ገጽ የሁለት ነጥብ (፡) አንዱ ነጥብ 0.6 ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖረው 8 ፒክሰል ያህል ነው፤ በጠቅላላው 50 ፒክሰል ገደማ ይሸፍናል። ወሰኑ 60 የተደረገ ማጽጃ የገጹን የቃል መለያዎች በሙሉ ይወስዳል፤ አራት ነጥቡንም አብሮ። ገጹ ከዚያ በኋላ በጣም ንጹሕ ይመስላል፤ አደገኛነቱም ከዚሁ ነው። መከላከያው አንድ ሙሉ መስመር መርጦ ከማጽዳት በፊትና በኋላ ነጥቦቹን መቁጠር ነው። አንድ እንኳ ከጎደለ ወሰኑ ዝቅ ይላል።

እርማቱ የሚያጠፋው ማስረጃ

ማካፈል ቀስ ብሎ የሚለዋወጥ ጨለማን ሁሉ ጥላ ነው ብሎ ያስወግዳል። በብራና ላይ ግን ቀስ ብሎ የሚለዋወጥ ጨለማ ሁሉ ጥላ አይደለም። የመጀመሪያው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ባለቤት ስም የተጻፈበት ቦታ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከዙሪያው በጥቂት በጠቆረ ወይም በሻከረ ገጽታው ነው። ይህ ገጽታ ከ41 ፒክሰል ስለሚሰፋ በዳራው ምስል ውስጥ ይገባል፤ ሲካፈልም ይጠፋል። በታረመው ገጽ ላይ ሁለተኛው ስም ልክ እንደ ሌላው ጽሑፍ በንጹሕ ብራና ላይ ከመጀመሪያው የተጻፈ ሆኖ ይቀርባል።  መጽሐፉ ለማን እንደተጻፈና በኋላ ለማን እንደተላለፈ የሚጠይቅ ጥናት በታረመው ምስል ብቻ ከተመራ መልሱን ራሱ አጥፍቷል።

ስለዚህ ሦስት ፋይሎች አብረው ይቀመጣሉ፦ ያልተነካው ፎቶግራፍ፣ የቀናው ገጽና ብርሃኑ የተመጣጠነው ገጽ። ግልበጣው ከሦስተኛው ይሠራል፤ አጠራጣሪ ቦታ ሁሉ ግን በሁለተኛው ላይ ይመረመራል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት የፒክሰል አቀማመጥ ስላላቸው ቦታውን መፈለግ አያስቸግርም። በሦስተኛው ብቻ የምትታይ፣ በሁለተኛው ላይ ሲጎላ የማትገኝ ጭረት በግልበጣው ውስጥ እንደ እርግጠኛ ንባብ አትገባም፤ በቅንፍ ተለይታ ትመዘገባለች። የመስኮቱ መጠንና የተመረጠው የቀለም ክፍልም በግልበጣው መግለጫ ይጻፋል፤ ሌላ አጥኚ ያንኑ ምስል መልሶ ማግኘት እንዲችል ነው።

ብራናው አሁንም በእጅ ካለ አጠራጣሪዋን ጭረት የሚፈታ ቀላል መንገድ አለ። ስልኩ ሳይነቃነቅ በመጽሐፍ ክምር ወይም በመቆሚያ ላይ ይቀመጥና ገጹ ሁለት ጊዜ ይነሣል፤ አንዴ መብራቱ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ሆኖ። የብራናው እጥፋት ወይም የወስፌ ጭረት የጣለው ጥላ በሁለተኛው ምስል ወደ ሌላው ወገን ይዞራል፤ ቀለም ግን ባለበት ይቀራል። ከ«ቤተ» ቀኝ የምትታየው ቅጥያ በሁለቱም ምስሎች በአንድ ቦታ ከተገኘች «ቤቱ» ተብሎ ይገለበጣል።